ከተማን መጫወቻ የሚያስመስል ብዥታ

መስቀል አደባባይ አጠገብ ካለ ፎቅ ላይ ቁልቁል የተነሣ ፎቶ፣ ታክሲዎቹንና እግረኞቹን መጫወቻ ሊያስመስላቸው ይችላል። ካሜራ ትንሽ ዕቃን ተጠግቶ ሲያነሣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጠባብ ቦታ ብቻ ነው፤ ከፊቱና ከኋላው ያለው ብዥ ይላል። ስለዚህ ተመልካቹ ላይና ታቹ የደበዘዘ ከተማ ሲያይ አነስተኛ ሞዴል ይመስለዋል። ጣሊያናዊው ፎቶ አንሺ ኦሊቮ ባርቢየሪ ከሄሊኮፕተር ያነሣቸውን ከተሞች እንዲህ ያሳየው በልዩ ሌንስ ነበር።

በፎቶሾፕ ልዩ ሌንስ አያስፈልግም። መጀመሪያ Q ተጭኖ ማስክ ይከፈታል። ከዚያ Reflected Gradient ተመርጦ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ እንዲሄድ ተደርጎ፣ ከአስፋልቱ መሀል ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። በቀይ የተሸፈነው አግድም መስመር ጥርት ብሎ ይቀራል፤ ቀዩ እየሳሳ በሄደ ቁጥር ብዥታው ይጨምራል። እንደገና Q ተጭኖ Lens Blur ይሠራል።

አስቸጋሪዎቹ ረጃጅም ነገሮች ናቸው። ከመስመሩ ውስጥ የበቀለ የመብራት ምሰሶ ሥሩ ጠርቶ አናቱ ከደበዘዘ ማታለያው ይነቃል፤ ሥሩም አናቱም ከካሜራው ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ነውና። መፍትሔው ብዥታው ከመሠራቱ በፊት፣ ማስኩ እንደተከፈተ፣ ምሰሶውን እስከ አናቱ በጥቁር ብሩሽ መቀባት ነው።

በመጨረሻ ቀለሙን ትንሽ ማድመቅ መጫወቻነቱን ያጎላዋል። ከመሬት ሆኖ ፊት ለፊት በተነሣ ፎቶ ላይ ግን ይህ ሁሉ ብዙም አያምርም፤ ሰው ሞዴልን የሚያየው ከላይ ሆኖ ነው።