የተሳሳተው መልስ ከየት ይመጣል?

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰደ ሰው «አፕቲትዩድ» የሚባለውን ፈተና አይረሳውም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ለኢንተርንሺፕ ሲያመለክት ደግሞ የእሱ ዘመድ የሆነ ሌላ ፈተና ሊጠብቀው ይችላል። አብዛኛው አመልካች ያን ጊዜ የድሮ የሒሳብ መጽሐፉን አቧራ ያራግፋል። የሚጠየቀው ሒሳብ ግን ብዙውን ጊዜ ከመቶኛ፣ ከንጽጽርና ከአማካይ አያልፍም። ሰው የሚወድቀው ስሌቱ ከብዶት ሳይሆን የተሳሳተው መልስ እፊቱ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ነው።

አንድ ቡና ላኪ ድርጅት ሁለት ቅርንጫፍ አለው እንበል። የጅማው ቅርንጫፍ በ2015 ዓ.ም. 40 ሚሊዮን ብር ሸጦ በ2016 ዓ.ም. 50 ሚሊዮን ደረሰ። የሐዋሳው ከ80 ሚሊዮን ወደ 92 ሚሊዮን ከፍ አለ። ጥያቄው «የድርጅቱ ጠቅላላ ሽያጭ በስንት በመቶ አደገ?» የሚል ሲሆን ምርጫዎቹ 15.5፣ 18.3፣ 20 እና 40 ናቸው።

ጅማ ያደገው 25 በመቶ፣ ሐዋሳ 15 በመቶ ነው። ሁለቱን የደመረ ሰው 40ን ያገኛል፤ አማካያቸውን የወሰደ ደግሞ 20ን። ሁለቱም ያገኙት ቁጥር ወረቀቱ ላይ ስላለ ተደስተው ያልፋሉ። በትክክል የሠራ ግን ድምሩን ይወስዳል፦ ሽያጩ ከ120 ሚሊዮን ወደ 142 ሚሊዮን፣ ማለትም በ22 ሚሊዮን ጨመረ። ይህን 22 ለመነሻው ለ120 ሲያካፍል 18.3 በመቶ ይመጣለታል። በችኮላ ለ142 ያካፈለውን ሰውም ፈታኙ አልዘነጋውም፤ 15.5ን አስቀምጦለታል። ስለዚህ ያገኙት ቁጥር ከምርጫዎቹ መካከል መኖሩ ብቻውን ለትክክለኛነቱ ማስረጃ አይሆንም።

ሳያሰሉ መጠርጠርም ይቻላል። የሐዋሳ ሽያጭ የጅማን እጥፍ ስለሆነ የጠቅላላው ዕድገት ከ25 ይልቅ ወደ 15 መጠጋት አለበት። 20 በትክክል መሐል ላይ ነው፤ 40 ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። ሁለቱ ምርጫዎች እርሳስ ሳይነሳ ወደቁ ማለት ነው።

እንግዲህ ልምምዱም ይህንን መምሰል አለበት። መቶ ጥያቄ ሠርቶ ውጤት ቆጥሮ መተው፣ በእኔ አስተያየት፣ ብዙም አይጠቅምም። ሃያ ጥያቄ በሰዓት ሠርቶ፣ በስህተት የመረጡት መልስ እንዴት እንደተገኘ ከእያንዳንዱ አጠገብ መጻፍ ይሻላል፦ «በአዲሱ ዓመት አካፈልኩ»፣ «ሺህና ሚሊዮን አምታታሁ»፣ «‹ያልሆነው የቱ ነው› የሚለውን ዘለልኩ»። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደረግ የእያንዳንዱ ሰው ስህተት ጥቂት ዓይነት መሆኑ ይታያል።

ሰዓቱም የፈተናው አካል ነው። ለ20 ጥያቄ 25 ደቂቃ ከተሰጠ ለአንዱ 75 ሴኮንድ ይደርሳል። አንዱ ላይ አራት ደቂቃ የቆየ ሰው የሁለት ሌሎችን ጊዜ በልቷል። መጀመሪያ የሚታወቁትን ጠርጎ ከባዶቹን በሁለተኛ ዙር መመለስ ይበጃል። አንዳንድ በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ግን ወደ ኋላ አያስመልስም፤ ስህተት ነጥብ የሚያስቀንስበትም አለ። ስለዚህ መመሪያውን ሳያነቡ «ጀምር»ን መጫን አይገባም።

በንባብ ክፍሉ ጎበዝ አንባቢ የሚሰናከልበት አንድ ቦታ አለ። መልሱ «እውነት»፣ «ሐሰት» ወይም «ከጽሑፉ ማወቅ አይቻልም» ነው። ጽሑፉ «ፋብሪካው አዲስ ማሽን ገዛ፤ በዚያው ዓመት ምርቱ ጨመረ» ይላል እንበል። ጥያቄው «ምርቱ የጨመረው በማሽኑ ምክንያት ነው» ካለ ብዙ ሰው እውነት ነው ይላል። ጽሑፉ ግን ሁለቱን ነገሮች ጎን ለጎን አስቀመጠ እንጂ አንዱን የሌላው ምክንያት አላደረገም። መልሱ ሦስተኛው ነው። ስለ ፋብሪካ የሚያውቁት ሁሉ እዚህ ጋ ዕዳ ነው።

አንዳንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ምርጫ ትቶ የጽሑፍ ጉዳይ ይሰጣል። ያንኑ የቡና ሠንጠረዥ ሰጥቶ «ማስፋፊያ ገንዘብ ያለው ለአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው፤ የቱን ትመርጣለህ?» ይላል። ፈጥኖ ያደገው ጅማ ነው፤ በብር ብዙ የጨመረው ግን ሐዋሳ ነው፤ 12 ሚሊዮን ለ10። አብዛኛው አመልካች ሠንጠረዡን በቃላት ደግሞ ይጽፍና ውሳኔው ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቅበታል። የተሻለው ወረቀት በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ ይወስናል፦ «ጅማ ይስፋፋ፤ ከአነስተኛ መነሻ በፍጥነት እያደገ ነው።» ቀጥሎ ተቃራኒውን ማስረጃ ሳይደብቅ ይጠቅሳል። ከዚያም ሠንጠረዡ ሽያጭን እንጂ ትርፍን እንደማያሳይ አንስቶ፣ የሁለቱ ቅርንጫፎች ወጪ ሲታወቅ ውሳኔው በምን ሁኔታ ወደ ሐዋሳ ሊዞር እንደሚችል ይጽፋል።