ሪአክተሩን ያነቀው ጋዝ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የቼርኖቤል አራተኛ ሪአክተር ኃይል ከታሰበው በታች ወርዶ 30 ሜጋዋት ገባ። ሙሉ አቅሙ 3,200 ነበር። ሠራተኞቹ ቢታገሉም ከ200 በላይ ማንሣት አልቻሉም።

ካነቁት ነገሮች ዋነኛው ዜኖን 135 የተባለ ጋዝ ነው፤ ዩራኒየም ተሰንጥቆ ከሚፈጠር አዮዲን ይወለዳል፤ የኑክሌር ሰንሰለቱን የሚያስቀጥሉትን ኒውትሮኖችም ይውጣል። ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል ሲሠራ የኒውትሮኑ ብዛት ዜኖኑን ራሱን ያጠፋዋል። ኃይሉ ሲቀንስ ግን ማጥፊያው ይዳከማል፤ የተከማቸው አዮዲን ደግሞ ዜኖን መውለዱን አያቆምም። ስለዚህ ሪአክተሩ ከጠፋ በኋላ ዜኖኑ ለ10 ሰዓት ገደማ እየበዛ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ይመናመናል።

መፍትሔው አጥፍቶ መጠበቅ ነበር። እነሱ ግን ኃይሉን ለማንሣት የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹን ከተፈቀደው በላይ መዘዙ። ሪአክተሩ ሲያመልጥ በቶሎ የሚገታው ዘንግ በውስጡ እምብዛም አልቀረም።