ጣሳው ስንት ይይዛል?

በቢሾፍቱ ዳርቻ 14 ላሞች ባሉት አንድ እርባታ ለዓመታት የሠሩት ኃላፊ ሥራ ሊለቁ ጥቂት ቀናት ሲቀራቸው ለተተኪያቸው የሰጧት ማስታወሻ ከተማሪ ደብተር የተገነጠለ አንድ ገጽ ነበር። «ለምታለብ ላም ጠዋት ሦስት ጣሳ ፉርሽካ፣ አንድ ጣሳ የኑግ ፋጉሎ፣ አንድ ጣሳ የተፈጨ በቆሎ። ማታም እንዲሁ» ይላል። ወጣቷ አንብባ ስትጨርስ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ጣሳው ስንት ይይዛል?»

ኃላፊው ሳቁ። ከግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ቆርቆሮ አውርደው «ይኸው፣ እሱ ነው» አሏት። በዓመታት ልምድ እጃቸው ራሱ ሚዛን ሆኗል። የእሷ እጅ ግን ገና ነው። ስለዚህ ሚዛን አስመጥታ አንድ በአንድ መዘነች። ያው ባለ ሁለት ሊትር ጣሳ ፉርሽካ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ያህል ሆነ። ፋጉሎ ሲሞላ ከአንድ ኪሎ አለፈ፣ የተፈጨ በቆሎ ደግሞ 1.3 ኪሎ ደረሰ። አንድ አዲስ ሠራተኛ ፉርሽካውንና በቆሎውን ቢያቀያይር የጣሳው ቁጥር ሳይለወጥ ላሟ በቀን የምትበላው ዱቄት ከሦስት ኪሎ በላይ ይጨምራል። ያም ጭማሪ ሁሉ በቆሎ ነው።

ከዚያ በኋላ ማስታወሻው በኪሎ ተጻፈ። መነሻው ብዙ አርቢዎች የሚሠሩበት ስሌት ነው፦ ላሟ ለምትሰጠው ለእያንዳንዱ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል የተመጣጠነ መኖ፣ ሰውነቷን የሚያቆመው ደግሞ ድርቆሹ። 16 ሊትር የምትሰጠው ዳማ በዚህ ስሌት በቀን ስምንት ኪሎ ይደርሳታል ማለት ነው፣ ለሁለት ተከፍሎ፣ ድርቆሽ ከቀመሰች በኋላ። ውኃው የማይለካው ግን እንዳይቋረጥ ነው። የምታለብ ላም ለአንድ ሊትር ወተት አራት አምስት ሊትር ውኃ ትጠጣለች፤ ገንዳው ሌሊት ከደረቀ ጠዋት ወተቱ ይናገራል።

እስከዚህ ድረስ ማንም በመጽሐፍ የሚያገኘው ነው። የኃላፊው እውቀት የታየው ወጣቷ «ታዲያ ዳማ ዛሬ ለምን አምስት ኪሎ ብቻ ትበላለች?» ስትል ነበር። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ጾም። በዐቢይ ጾም ወተት ገዥ ያጣል፣ ዋጋውም ይወርዳል። የመኖው ዋጋ ግን አይጾምም። ባለቤቱ እንዳይከስር ዱቄቱ ይቀነሳል፣ ላሟም ወደ 11 ሊትር ትወርዳለች። ችግሩ ያለው በመቀነሱ ሳይሆን በመመለሱ ላይ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ወተት ፈላጊው በአንድ ቀን ይመጣል፤ «ነገ ጨምሩ» የሚል ትእዛዝም አብሮ ይመጣል።

ላም በአንድ ቀን አትጨምርም። በትልቁ ጨጓራዋ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፤ ድርቆሽ የለመዱት ወደ በቆሎ እስኪዞሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ዱቄቱ ድንገት ከበዛ አሲድ የሚያመርቱት ተሕዋስያን ይቀድማሉ፣ ጨጓራው ይኮመጥጣል፣ ላሟም ማመስኳት ትቀንሳለች። ማመስኳት ሲቀንስ አሲዱን የሚያበርደው ምራቅ አብሮ ስለሚቀንስ ነገሩ ራሱን ያባብሳል። ከሁሉ የሚያታልለው ግን ዘግይቶ የሚመጣው ነው። በፋሲካ ሰሞን ጨጓራዋ የተጎዳ ላም እግሯን ማነከስ የምትጀምረው ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ቆይታ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሁሉም ሰው ጥፋቱን በበረቱ ወለል ላይ ይለጥፋል፤ በቆሎውን የሚያስታውሰው የለም።

ስለዚህ ኃላፊው በማስታወሻው ላይ ለዳማ የጻፉት የመኖ መጠን ብቻ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያም ነው። ከአምስት ኪሎ ወደ ስምንት ለመድረስ በየሦስት ቀኑ ግማሽ ኪሎ፣ ስድስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 18 ቀን። ከፋሲካ ወደ ኋላ ሲቆጠር ጅማሬው በገብር ኄር ሳምንት ረቡዕ ላይ ይውላል። ባለቤቱ ገና ገዥ ሳይኖር መኖ መጨመር እንደማይዋጥለት ኃላፊው ያውቁ ነበርና ከሥሩ «ንገሪው፣ ካልሰማሽ አሳዪው» ብለው አስፍረዋል።

የሚታየውም ተጽፏል። ከሰዓት በኋላ ጸጥ ብለው ከተኙት ላሞች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ማመስኳት አለባቸው፤ ሁለት ብቻ ካመሰኩ አንድ ነገር ተበላሽቷል። እበቷ ለስልሶና አረፋ ይዞ፣ ያልተፈጨ የበቆሎ ፍሬ ውስጡ ከታየ ጭማሪው ይቁም፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ድርቆሹ ይብዛ። ጨርሳ ከተኛችና መብላት ካቆመች ግን የእንስሳት ሐኪም እንጂ ጣሳ አይረዳትም።

ስለ ፋጉሎው አንድ አንቀጽ ብቻ አለ። ያም «የሻገተውን ለይተሽ ጣይ» አይልም፤ «ሻጋታ ካየሽ ጆንያውን መልሺ» ነው የሚለው። ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የአዲስ አበባና የአካባቢዋን የወተት አምራቾች የሚመለከት ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ ውስጥ አፍላቶክሲን አግኝቷል፤ ዋናው ምንጭ ሆኖ የተገኘውም የኑግ ፋጉሎ ነበር። ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ላሟ በልታው በወተቷ ታወጣዋለችና ጆንያዎቹ ከግድግዳ ርቀው በእንጨት ላይ ይቀመጣሉ፣ ብዙም አይከማቹም።

የጤናው ክፍል የጀመረው ከቦራ ነው። ቦራ ደህና ትመስላለች፣ ትበላለች፣ ታመሰኳለች። ነገር ግን የግራ የኋላ ጡቷ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ታሟል። ኃላፊው ይህንን በመዝገብ አልጻፉትም፤ ወጣቷ የሰማችው ከአላቢው ነው። እየዳነ የሚመለስ የጡት በሽታ ብዙ ጊዜ ስታፊሎኮከስ አውሬስ የሚባለውን ባክቴሪያ ያስጠረጥራል። በጡቱ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ መድኃኒት ስለሚያመልጥ፣ በአላቢ እጅና በፎጣ ወደ ሌሎች ይዛመታል። ማስታወሻው የተስተካከለው እንዲህ ነው፦ ቦራ ሁልጊዜ በመጨረሻ ትታለባለች። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጠብታዎች ጥቁር ሳህን ላይ ይታለቡና እርጎ የመሰለ ነገር ይፈለጋል። እያንዳንዷ ላም የራሷ ንጹሕ ጨርቅ አላት፤ ታልባ ስታበቃ የጡቶቿ ጫፎች አዮዲን ውስጥ ይነከራሉ። በመድኃኒት ላይ ያለች ላም እግሯ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። ክሩ የሚፈታው የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ጊዜ ሲያልቅ እንጂ ላሟ «የዳነች ሲመስል» አይደለም።

ሌላው ሁሉ በአጭሩ ተጽፏል። ጉራቻ ለመውለድ ሁለት ወር ስለሚቀራት ከሰኞ ጀምሮ አትታለብም። በሰባት ወሯ የጨነገፈችው ጊደር ከሌሎች ተለይታ ታስራለች፤ የምርመራ ውጤቷ እስኪመጣ ማንም በባዶ እጁ አይነካትም፣ ውርጃ አምጪው በሽታ ወደ ሰውም ይተላለፋልና። የአፍተግር ክትባት ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተከብቧል።

በመጨረሻው ቀን ማስታወሻው ሰባት ገጽ ሆኖ ነበር። ኃላፊው ጨብጠዋት ሊወጡ ሲሉ ወጣቷ ጣሳውን ከግድግዳው አውርዳ ጥቁር ቀለም አመጣች። በአንዱ በኩል «ፉርሽካ ግማሽ ኪሎ»፣ በሌላው «በቆሎ 1.3» ብላ ጻፈችበትና መልሳ ሰቀለችው።