መጽሐፉ ለምን ይገለበጣል?

ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ፈልጉና እንዳይከፈት በላስቲክ እሰሩት። ግራና ቀኙን በሁለት እጅ ያዙት፤ ራስጌው አንድ ሙሉ ዙር ዞሮ እንዲመለስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ወርውሩት። ስትቀልቡት አብዛኛውን ጊዜ በግራ እጃችሁ የነበረው የተጠረዘው ጎን ቀኝ እጃችሁ ውስጥ ይገኛል። ማንም ሳይነካው አየር ላይ ተገልብጧል። እንደ እንዝርት ብታሾሩት ወይም እንደ ሙዚቃ ሸክላ በጠፍጣፋው ብታሽከረክሩት ግን እንዲህ አያደርግም።

ዕቃ ሁሉ ሲያሽከረክሩት እምቢ ይላል፤ የእምቢታው መጠን ግን እንደ ዛቢያው ይለያያል። ይህን ጠቅልሎ የሚይዘው ኢነርሺያ ቴንሰር የሚባል የዘጠኝ ቁጥሮች ሠንጠረዥ ነው። ደግነቱ ለማንኛውም ዕቃ ሠንጠረዡን ወደ ሦስት ቁጥሮች የሚያሳጥሩ፣ እርስ በርስ ቀጥ ብለው የሚቆራረጡ ሦስት ዋና ዛቢያዎች አሉ። የመጽሐፍ ዋና ዛቢያዎች ከቁመቱ፣ ከወርዱና ከውፍረቱ ጋር ትይዩ ናቸው።

ቁመቱ 24፣ ወርዱ 16፣ ውፍረቱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 600 ግራም የሆነ መጽሐፍ እንውሰድ። ለእንዝርቱ ሽክርክሪት ያለው እምቢታ 13 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ካሬ ያህል ነው፤ ለሸክላው 42። አስቸጋሪው ዛቢያ በመካከላቸው 29 ላይ ተቀምጧል።

ምስጢሩ ያለው እዚሁ መካከለኛነት ላይ ነው። ፍጹም ቀጥ አድርጎ የሚወረውር እጅ የለምና ሽክርክሪቱ ሁልጊዜ በጥቂቱ ወደ ሌሎቹ ሁለት ዛቢያዎች ያዘነብላል። በትልቁ ወይም በትንሹ ዛቢያ ላይ ስንሆን አንዱ ዝንባሌ ሌላውን ሲያሳድግ፣ ሌላው ተመልሶ የመጀመሪያውን ይቀንሰዋል፤ መጽሐፉ ትንሽ ተወዛውዞ መንገዱን ይቀጥላል። በመካከለኛው ላይ ግን አንዱ ሌላውን ሲያሳድግ ሌላውም መልሶ ያንኑ ያሳድገዋል። የኦይለር ቀመሮች ለመጽሐፋችን ሲሠሩ ዝንባሌው በየ0.6 ዙሩ ዐሥር እጥፍ ገደማ እንደሚያድግ ያሳያሉ። ስለዚህ በጣም ተጠንቅቃችሁ ብትወረውሩ መገልበጡን ታዘገዩት ይሆናል እንጂ አታስቀሩትም። የሶቪየቱ ጠፈርተኛ ቭላድሚር ጃኒቤኮቭ በ1985 እ.ኤ.አ. ሳልዩት 7 ጣቢያ ውስጥ ያየው ይህንኑ ነው፤ ክንፍ ያላት ዳዶ እየተንሳፈፈች በየጥቂት ሰከንዱ ትገለባበጥ ነበር።

የእንዝርቱ ዛቢያም ቢሆን የሚታመነው ዕቃው ግትር እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ሳተላይት ኤክስፕሎረር 1 ቀጭንና ረጅም ነበረች፤ በዚሁ በትንሹ ዛቢያ ላይ እየሾረች እንድትቆይ ታስባ ነበር። ከጎኗ የተዘረጉት የሽቦ አንቴናዎች ግን እየተወዛወዙ የሽክርክሪቱን ጉልበት ቀስ በቀስ ወደ ሙቀት ለወጡት። አንጉላር ሞመንተሙ ሳይቀንስ ጉልበቱ ሲመናመን የሚቀረው ማረፊያ ትልቁ ዛቢያ ብቻ ነው። ሳተላይቷ በሰዓታት ውስጥ እንዝርትነቷን ትታ፣ መሐሉን ተይዞ እንደሚሽከረከር ዱላ ጫፍና ጫፏ እየዞረ ቀጠለች።