ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ

በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሁለት ሠራተኞች ሲጋጩ የሚጻፈው ደብዳቤ መልኩ የታወቀ ነው። ከላይ ቁጥርና ቀን፣ ቀጥሎ «ጉዳዩ»፣ ከታች ደግሞ ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት፣ ለሕግ ክፍል፣ ለውስጥ ኦዲት። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ደርሶ ቁጥር እስኪሰጠውና ቅጂው በግል ማህደር እስኪታሰር ድረስ ነገሩን ያልሰማ ሰው አይቀርም። ከዚያ በኋላ ሸምጋዩ «እዚህ የምንነጋገረው በመካከላችን ይቀራል» ቢል ማን ያምነዋል?

የሥራ ባልደረቦችን ሽምግልና የሚያውቁ ሰዎች ለግብዣው ደብዳቤ ትልቅ ቦታ የሚሰጡት ለዚህ ነው። ሁለቱ ሰዎች ገና ፊት ለፊት ሳይቀመጡ፣ ሸምጋዩ ለማን እንደሚያደላና አፉ ምን ያህል እንደሚታመን ከዚያች አንድ ገጽ ላይ ይገምታሉ።

ለምሳሌ የሚከተለው ጉዳይ ይታሰብ። የግዢ ሠራተኛው ቅድሚያ ክፍያ ወስዶ ዕቃ ይገዛል፤ የሂሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኞቹን መርምራ ታወራርዳለች። እሷ «ሰነዱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው» ትላለች፤ እሱ «በማይረባ ምክንያት ትመልስብኛለች» ይላል። አንድ ቀን አንዱ ሰነድ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ደረሰኙስ የእውነት መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለችው። ሌባ እንደተባለ ቆጠረው። ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለም፤ ወረቀት የሚቀባበሉት በተላላኪ ነው፤ ዕቃ ያቀረቡ ነጋዴዎችም ገንዘባቸው እየዘገየ ስልክ ይደውላሉ።

የሰው ሀብት ኃላፊው በቅን ልቦና ተነሥቶ ለግዢ ሠራተኛው እንዲህ ሲል ይጽፋል፦ «ሰነድ በወቅቱ ባለማቅረብዎ ምክንያት ከሂሳብ ክፍል ባልደረባዎ ጋር የተፈጠረውን ጸብ ለመፍታት፣ ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በቢሮዬ እንዲገኙ እናሳስባለን።»

አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፤ ግን ፍርዱን ጨርሳለች። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተናገረች፤ ነገሩን ጸብ ብላ ሰየመችው፤ «እናሳስባለን» ስትል ደግሞ ግብዣው መጥሪያ ሆነ። ቦታውም ቢሆን የአለቃ ቢሮ ነው። ሰውየው ሐሙስ ሊመጣ ይችላል፤ የሚመጣው ግን መከላከያውን አዘጋጅቶ ነው።

ሲስተካከል እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የቅድሚያ ክፍያ ሰነዶች በሚቀርቡበት፣ በሚመረመሩበትና በሚመለሱበት አሠራር እንዲሁም በሥራ ግንኙነታችሁ ላይ እርስዎና ባልደረባዎ የተለያየ አስተያየት እንዳላችሁ ተረድቻለሁ። ፈቃደኛ ከሆኑ፣ በጉዳዩ ላይ ውሳኔ በማይሰጥ ሸምጋይ ፊት እንድትነጋገሩ እጋብዛለሁ። ይህ የዲሲፕሊን እርምጃ አይደለም። ተመሳሳይ ደብዳቤ ለባልደረባዎም ዛሬ ተሰጥቷል።»

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። «ሰነዶች እየዘገዩ በመሆናቸው» ብሎ መጻፍ የማንንም ስም ስለማያነሳ ገለልተኛ ይመስላል። ነገር ግን መዘግየት የእሷ አቤቱታ ነው፤ እሱ የሚያነሳው መመለስን ነው። ስለዚህ ወይ ሁለቱም ይገባሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ። ደብዳቤው ያላደላ መሆኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሁለቱ ሰዎች የሌላውን ቅጂ ቢያነቡ ምን እንደሚሰማቸው መጠየቅ ነው። ከስምና ከአድራሻ በቀር አንድ ቃል ከተለያየ ነገሩ ተበላሽቷል።

ያቺ የደረሰኝ ንግግርስ? በደብዳቤው ውስጥ የለችም፤ ልትኖርም አይገባም። ምን እንደተባለና በምን ድምፅ እንደተባለ ሁለቱ አይስማሙም፤ የአንዱ አተራረክ ማኅተም ባለበት ወረቀት ላይ ከሰፈረ የመሥሪያ ቤቱ አቋም ሆነ ማለት ነው። በሌላ በኩል ግዢ ሠራተኛው «ስሜን ያጠፋው ነገር ተዘለለ» ብሎ ሊከፋ ይችላል። ለዚህ ነው ጥሩ ግብዣ ከጋራው ውይይት በፊት ሸምጋዩ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ እንደሚያነጋግር የሚገልጸው። ቁስሉ መጀመሪያ የሚነገረው እዚያ ነው፤ ሸምጋዩም በዚያ የሰማውን ያለ ተናጋሪው ፈቃድ ወደ ሌላው አይወስድም።

ስለ ምስጢር የሚጻፈው ክፍል አጭር ቢሆንም በጥንቃቄ ይጻፋል። በውይይቱ የተባለ ነገር፣ የቀረበ ሐሳብ፣ የተጠየቀ ይቅርታ በኋላ ለዲሲፕሊን ኮሚቴ ወይም ለሥራ አፈጻጸም ምዘና ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። ድምፅ አይቀዳም፤ ስልክ በሩ አጠገብ ቢቀመጥ ይሻላል። ሸምጋዩ የያዘውን ማስታወሻ መጨረሻ ላይ ያስወግዳል፤ ማንም ወገን ለምስክርነት አይጠራውም። አለቃው የሚነገረው ውይይቱ ተካሂዶ መጠናቀቁ ብቻ ነው። ስምምነት ላይ ከተደረሰ ደግሞ፣ ለምሳሌ «የጎደለው ነገር በአንድ ጊዜ ተዘርዝሮ ሰነዱ አንዴ ብቻ ይመለስ» የሚል የአሠራር ለውጥ ከተገኘ፣ ለአለቃው የትኛው ክፍል እንደሚገለጽ የሚወስኑት ሁለቱ ናቸው።

ይህ ጥበቃ የዋዛ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሠራተኞቹ የሚከሱበት የራሱ የሥራ ክርክር ፍርድ ቤት በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ ሲጀምር፣ በሥነ ሥርዓት ደንቡ በሽምግልና ወቅት የተነገረም ሆነ የተዘጋጀ ሰነድ ፈጽሞ ፍርድ ቤቱ ፊት እንዳይቀርብ ተከልክሏል። በኢትዮጵያም በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1237 ከግልግል ዳኝነት ጋር ዕርቅን አንድ ላይ ይደነግጋል። የቢሮ ቅያሜ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሕግ ፊት የሚደርስ ክርክር ስላልሆነ፣ ሁለቱን የሚይዛቸው ራሳቸው የፈረሙት የምስጢር ስምምነት ነው።

«ፍጹም ምስጢር» ብሎ ቃል መግባት ግን ውሸት ነው። በሰው ሕይወት ላይ የተቃጣ አደጋ ወይም ወንጀል ሲገለጥ ሸምጋዩ ዝም ሊል አይችልም፤ ይህ አስቀድሞ በደብዳቤው መጻፍ አለበት። በዚህ ጉዳይማ ነገሩ ሩቅ አይደለም። በውይይቱ መሀል ሐሰተኛ ደረሰኝ መኖሩ ቢታመንስ? ያን ጊዜ ሽምግልናው ቆሞ ጉዳዩ ወደ ኦዲት ይሄዳል፤ ግዢ ሠራተኛውም ይህን ከመፈረሙ በፊት አውቆ መግባት ይገባዋል። እንደ ወሲባዊ ትንኮሳ ያለ አቤቱታ ከሆነ ደግሞ ከመነሻው ይህ ደብዳቤ አይጻፍም፤ መንገዱ የመሥሪያ ቤቱ ምርመራ ነው።

አሰጣጡም የራሱ ወግ አለው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ሳያልፍ፣ ያለ ግልባጭ፣ በታሸገ ተራ ፖስታ ለሁለቱም በአንድ ቀን በእጅ ይሰጣል። ላዩ ላይ በቀይ «ምስጢር» ብሎ መጻፍ አይመከርም፤ ያየው ተላላኪ ሁሉ ስለ ፖስታው ማውራት ይጀምራል። ቦታው የሁለቱም ክፍል ያልሆነ አዳራሽ ወይም የስብሰባ ክፍል ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ የሂሳብ መዝጊያ ቀናትን የማይነካ።

መልስ ለመስጠት ጥቂት የሥራ ቀናት ይሰጣቸዋል፤ መልሱም የሚሄደው በቀጥታ ለሸምጋዩ ነው። ከሁለቱ አንዱ «አልፈልግም» ካለ ሸምጋዩ ለሰው ሀብት ኃላፊው አንድ መስመር ይጽፋል፦ «ውይይቱ አልተካሄደም»። ማን እንደ እንቢ አይጽፍም፤ ኃላፊውም አይጠይቅም።