ከስምንተኛው ማርፈድ በፊት የሚጻፍ ደብዳቤ

ብዙ አለቆች ሠራተኛቸው ሲያረፍድ አንድ ቀን ይቆጣሉ፣ አንድ ቀን ሰዓታቸውን አይተው ዝም ይላሉ። ወራት አልፈው ሲመራቸው «ስንት ጊዜ ነገርኩህ!» ይሉና የስንብት ደብዳቤ ያስጽፋሉ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ግን ቁጣውም ትዕግሥቱም ማስረጃ አይሆንም። የሚፈለገው በጊዜው የተጻፈ፣ ሠራተኛው የተቀበለው ወረቀት ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 27 ሠራተኛን በማርፈድ ምክንያት ወዲያውኑ ማሰናበት የሚቻልበትን ሁኔታ ጠበብ አድርጎ ወስኖታል። ሠራተኛው በቂ ምክንያት ሳይኖረው በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ያረፈደ መሆን አለበት፤ ያረፈደውም በጽሑፍ እየተነገረው መሆን አለበት። በቂ ምክንያት የሚባለው ምን እንደሆነ የሚታየው ከኅብረት ስምምነቱ፣ ከድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም ከሥራ ውሉ ነው። (የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚህ የምናወራው ስለ ግል ድርጅቶች ነው።) ስምንቱን ቀን በዝምታ ቆጥሮ ማስጠንቀቂያውንና ስንብቱን በአንድ ሳምንት ማስጻፍ ሕጉ ያሰበው አካሄድ አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጻፈው ሠራተኛው ለማስተካከል ጊዜ እያለው ነው።

እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ምሳሌ እንየው። አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ አከፋፋይ ድርጅት ሥራ የሚጀምረው ከጠዋቱ 2፡30 ነው እንበል። አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር አምስት ቀን አርፍዳለች፦ ጥቅምት 3 በ2፡52፣ ጥቅምት 10 በ2፡47፣ ጥቅምት 13 በ2፡41፣ ጥቅምት 17 በ3፡05፣ ጥቅምት 24 በ2፡50 ገብታለች። የቅርብ አለቃዋ ሁለት ጊዜ በቃል ነግሯታል። አሁን ወደ ሰው ኃይል አስተዳደር ሄዶ «ማስጠንቀቂያ ይጻፍላት» ይላል።

ጥሩ የሰው ኃይል ባለሙያ ወዲያው መጻፍ አይጀምርም። በመጀመሪያ የጣት አሻራ ማሽኑን መዝገብ ያወጣል። ማሽኑ የሚያትመው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው፤ ጥቅምት 3 ጠዋት 2፡52 በወረቀቱ ላይ ኦክቶበር 13፣ 8፡52 ሆኖ ነው የሚታየው። ይህን ሲገለብጡ በአንድ ቀን የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፤ ከአምስት ቀን አንዱ እሑድ ላይ ከወደቀ ደግሞ ሠራተኛዋ በደብዳቤው ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ለማንሳት መብት አላት። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀን ከነዕለቱ ይጣራል፤ የማሽኑ ሰዓት ትክክል መሆኑም ይታያል።

ሲጣራ ሁለት ነገር ይገኛል። ሐሙስ ጥቅምት 13 የድርጅቱ ሰርቪስ ራሱ አርፍዷል፤ አብረዋት የመጡ ሌሎች ሠራተኞችም በተመሳሳይ ሰዓት ነው የፈረሙት። እነሱን ማንም ካልጠየቃቸው እሷን መጠየቅ አድልዎ ነውና ያ ቀን ከደብዳቤው ይወጣል። አለቃው «አምስት ቢሆን ይጠነክር ነበር» ሊል ይችላል። እኔ ግን ትክክለኛ አራት ቀን ከአጠራጣሪ አምስት ቀን ይጠነክራል ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ደግሞ የቀሩት አራቱም ቀናት ሰኞ መሆናቸው ነው። ይህ የሚጠቁመው ነገር ስላለ ከመጻፍ በፊት ሠራተኛዋን ጠርቶ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጥያቄውም «ለምንድን ነው የምታረፍጂው?» ከማለት ይልቅ ወረቀቱን አሳይቶ «አራቱም ሰኞ ናቸው፤ ሰኞ ሰኞ ምን ያጋጥምሻል?» ቢሆን ሰው ለመመለስ አይቸገርም። መልሷም፣ ቅዳሜና እሑድ ቢሾፍቱ የታመሙ እናቷን እያስታመመች እንደምታድርና ሰኞ ማለዳ በመኪና እንደምትመለስ ነው። አለቃዋ ይህን አያውቅም ነበር፤ እሷም አልተናገረችም።

ታዲያ ደብዳቤው ይቅር? ይህ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ቦታ ነው። የእናት መታመም እውነተኛ ችግር ቢሆንም ሳያስፈቅዱ በየሳምንቱ ማርፈድን በድርጅቱ ደንብ መሠረት ትክክል አያደርገውም። ዝም ቢባል ደግሞ ሌላው ሠራተኛ ነገ የራሱን ምክንያት ይዞ ይመጣል። በእኔ እምነት ደብዳቤው መጻፍ አለበት፤ ነገር ግን ምክንያቷም በውስጡ መስፈር አለበት፣ መፍትሔም መቅረብ አለበት።

ስለዚህ ቁጥርና ቀን ያለው፣ ጉዳዩ «የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ» የሆነ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይወጣል፦

«የመሥሪያ ቤታችን የሥራ መግቢያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 መሆኑ በሥራ ደንቡ ተደንግጓል። እርስዎ ግን ሰኞ ጥቅምት 3 በ2፡52፣ ሰኞ ጥቅምት 10 በ2፡47፣ ሰኞ ጥቅምት 17 በ3፡05 እና ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በ2፡50 መግባትዎን የሰዓት መቆጣጠሪያው መዝገብ ያሳያል። ጥቅምት 26 ቀን በተደረገው ውይይት የታመሙ ወላጅዎን ለማስታመም ከከተማ ውጭ እንደሚያድሩ አስረድተዋል። ይህን በመገንዘብ እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን ድረስ ሰኞ ከጠዋቱ 3፡15 እንዲገቡና 45 ደቂቃውን በዚያው ዕለት ማታ እንዲያካክሱ ተፈቅዶልዎታል። ከዚህ ውጭ ያለ ፈቃድ ቢያረፍዱ ድርጅቱ በሥራ ደንቡና በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ቀጣይ እርምጃ የሚወስድ መሆኑን እናስታውቃለን። በዚህ ደብዳቤ ላይ አስተያየት ካለዎት በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ ይችላሉ።»

«ሁልጊዜ»፣ «በተደጋጋሚ»፣ «ለሥራዎ ግድ የለዎትም» የሚሉ ቃላት እንዳልገቡ አንባቢ ያስተውል። «በተደጋጋሚ» ብሎ ቀን አለመጥቀስ በእንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች በብዛት የሚታይ ጉድለት ነው፤ ሠራተኛው ሊያስተባብለውም ሊያምነውም አይችልም። «ግድ የለዎትም» ደግሞ ስለ ልቧ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ ማሽኑ የመዘገበው የገባችበትን ሰዓት ብቻ ነው። ያለፈ ዓመት ጥፋትም፣ ከባልደረባ ጋር የተፈጠረ ግጭትም እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም።

ደብዳቤው ለብቻዋ በተዘጋ ክፍል ይሰጣታል። በቀሪው ላይ «ተቀብያለሁ» ብላ ስሟን፣ ቀኑንና ፊርማዋን ታኖራለች። ብዙ ሠራተኛ ጥፋቱን ያመነ ስለሚመስለው መፈረም ይፈራል፤ ስለዚህ ፊርማው መድረሱን ብቻ እንጂ መስማማትን እንደማያመለክት ከፊርማው ቦታ በላይ ቢጻፍ ጥሩ ነው። ከነጭራሹ አልፈርምም ካለች ሁለት ምስክሮች እንዲወስድ የቀረበላት መሆኑንና አለመፈረሟን ከነቀኑ ጽፈው ይፈርማሉ። ከዚያ በላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ቀሪው ወደ ግል ማህደሯ ይገባል፤ ግልባጩ ለቅርብ አለቃዋ ይደርሳል። በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ወይም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ማሳየት ማዋረድ ነው፤ አይደረግም። ከደብዳቤው ጋር አብረው የሚቀመጡ ወረቀቶች አሉ፦ ከማሽኑ የወጣው መዝገብ፣ የጥቅምት 26ቱ ውይይት አጭር ማስታወሻ፣ ከጻፈችም የእሷ መልስ። መልሱን ያልተቀበለ ማህደር የአንድ ወገን ታሪክ ብቻ ይሆናል። ደብዳቤው በማህደር ውስጥ ለምን ያህል ጊዜ ክብደት እንደሚኖረው የሥራ ደንቡ ወይም የኅብረት ስምምነቱ ከወሰነ እሱ ይከበራል።

የጥቅምት 13ቱም ጉዳይ በማህደሩ ውስጥ አንድ መስመር ሊኖረው ይገባል፦ በሰርቪሱ መዘግየት ምክንያት ከቆጠራው የወጣ መሆኑ። ከአራት ወር በኋላ የሚመጣ ሌላ ኃላፊ ከማሽኑ መዝገብ ላይ አምስት ቀን ቆጥሮ እንዳይነሳ የሚያደርገው ያ መስመር ነው።