በስኬል ደረጃዎች ላይ የሚገነቡ ኮርዶች

የስኬል ኮርዶች (ዳያቶኒክ ኮርዶች) ማለት ከስኬሉ ውጭ ምንም ኖታ ሳይጨመር በእያንዳንዱ የስኬል ደረጃ ላይ የሚገነቡ ኮርዶች ናቸው። ሦስት ኖታ ያለው ኮርድ ትራያድ፣ አራት ኖታ ያለው ደግሞ ሴቨንዝ ኮርድ ይባላል። ሰባት ኖታ ያለው ስኬል ሰባት ትራያዶችንና ሰባት ሴቨንዝ ኮርዶችን ይሰጣል። ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሜጀር፣ የትኛው ማይነር፣ የትኛው ዲሚኒሽድ እንደሚሆን የሚወስነው የተጫዋቹ ምርጫ አይደለም፤ በስኬሉ ውስጥ ግማሽ እርምጃዎች የተቀመጡበት ቦታ ነው።

የኖታዎቹ ስም

በዚህ ጽሑፍ የፊደል ስሞች ጥቅም ላይ ውለዋል፦ ሲ (ዶ)፣ ዲ (ሬ)፣ ኢ (ሚ)፣ ኤፍ (ፋ)፣ ጂ (ሶል)፣ ኤ (ላ)፣ ቢ (ሲ)። በአማርኛ ሲጻፍ ሁለት ቦታ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ በፊደል ስም «ሲ» የሚባለው ኖታ ዶ ነው እንጂ በዶሬሚ አጠራር የመጨረሻው ሲ አይደለም። ሁለተኛ፣ ኤ እና ኢ በድምፅም በጽሑፍም ስለሚቀራረቡ በቀላሉ ይምታታሉ።

ግማሽ እርምጃ በፒያኖ ወይም በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው፤ በጊታር ላይ አንድ ፍሬት ማለት ነው። ሁለት ግማሽ እርምጃዎች አንድ ሙሉ እርምጃ ይሆናሉ። በነጮቹ ቁልፎች ላይ ብቻ የሚጫወተው ሲ ሜጀር ስኬል ሁለት ግማሽ እርምጃዎች አሉት፦ ከኢ እስከ ኤፍ እና ከቢ እስከ ሲ። በሁለቱም ቦታ መካከል ላይ ጥቁር ቁልፍ የለም። የቀሩት አምስቱ እርምጃዎች ሙሉ ናቸው።

ትራያድ አሠራር

ደንቡ አንድ ነው፦ ከስኬሉ አንዱን ኖታ መነሻ አድርጎ መያዝ፣ ቀጣዩን መዝለል፣ ሦስተኛውን መውሰድ፣ አራተኛውን መዝለል፣ አምስተኛውን መውሰድ። ከሲ ሲጀመር ሲ-ኢ-ጂ፣ ከዲ ሲጀመር ዲ-ኤፍ-ኤ ይወጣል። ኖታዎቹን ለማግኘት ይህ በቂ ነው። ስማቸውን ለማወቅ ግን በመካከላቸው ያለውን ርቀት ማየት ያስፈልጋል።

ከመነሻው እስከ ሦስተኛው ኖታ ሁለት እርምጃዎች አሉ። ሁለቱም ሙሉ ከሆኑ ርቀቱ 4 ግማሽ እርምጃ ነው፤ ይህ ትልቅ ሦስተኛ ይባላል፤ ኮርዱም የሜጀር ወገን ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ ግማሽ እርምጃ ከሆነ ርቀቱ 3 ነው፤ ይህም ትንሽ ሦስተኛ ሲሆን ኮርዱ የማይነር ወገን ነው። በሲ ሜጀር ውስጥ ከሲ እስከ ኢ፣ ከኤፍ እስከ ኤ እና ከጂ እስከ ቢ ባለው መንገድ ላይ ግማሽ እርምጃ አይገኝም። ስለዚህ በአንደኛው፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ደረጃ ላይ ያሉት ኮርዶች ሜጀር ናቸው። ከሌሎቹ አራት መነሻዎች ስንሄድ ግን ወይ ኢ-ኤፍ ወይ ቢ-ሲ መንገዳችን ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ አምስተኛው ነው። ከመነሻው እስከ አምስተኛው አራት እርምጃዎች አሉ። ከሰባቱ መነሻዎች በስድስቱ ላይ ከአራቱ እርምጃዎች አንዱ ብቻ ግማሽ ስለሆነ ርቀቱ 7 ግማሽ እርምጃ ይሆናል፤ ይህ ፐርፌክት አምስተኛ ነው። ከቢ ሲጀመር ግን የመጀመሪያው እርምጃ (ቢ-ሲ) ግማሽ ነው፤ የመጨረሻውም (ኢ-ኤፍ) ግማሽ ነው። ርቀቱ ወደ 6 ይወርዳል፤ ቢ-ዲ-ኤፍም ዲሚኒሽድ ትራያድ ይሆናል። ኦግመንትድ ትራያድ ደግሞ 8 ግማሽ እርምጃ፣ ማለትም ተከታታይ አራት ሙሉ እርምጃ ይፈልጋል። በሜጀር ስኬል ውስጥ ረጅሙ የሙሉ እርምጃ ተከታታይ ሦስት ብቻ ስለሆነ (ከኤፍ እስከ ቢ) ኦግመንትድ በዚያ ሊገኝ አይችልም።

በኮርድ ወረቀት ላይ ውጤቱ እንዲህ ይጻፋል፦

```
I    ii   iii   IV   V    vi   vii°
C    Dm   Em    F    G    Am   Bdim
```

ከላይ ያሉት የሮማ ቁጥሮች ደረጃውን ያመለክታሉ፤ ትልቁ ፊደል ሜጀርን፣ ትንሹ ፊደል ማይነርን፣ ክቧ ምልክት ዲሚኒሽድን ያሳያል። ይህን በትልቅና በትንሽ ፊደል የመለየት ልማድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያስፋፋው ጀርመናዊው ጎትፍሪድ ቬበር ነው። ጥቅሙ ቅደም ተከተሉ ለማንኛውም ሜጀር ስኬል አንድ ዓይነት መሆኑ ነው፤ ዘፈኑ ለዘፋኙ ድምፅ እንዲመች ወደ ሌላ መነሻ ሲዛወር ቁጥሮቹ አይለወጡም።

ሰባተኛው ሲጨመር

በትራያዱ ላይ እንደገና አንድ ኖታ ዘልሎ ቀጣዩን መጨመር ሴቨንዝ ኮርድ ይሰጣል፦ ሲ-ኢ-ጂ-ቢ፣ ዲ-ኤፍ-ኤ-ሲ እያለ ይቀጥላል። የሰባተኛውን ርቀት ለማወቅ ብዙዎች ከታች ጀምረው እስከ 10 ወይም እስከ 11 ይቆጥራሉ። ቀላሉ መንገድ ግን ወደ ኋላ ማየት ነው፤ ምክንያቱም ሰባተኛው ኖታ ከመነሻው በታች ያለው የስኬሉ ጎረቤት ነው፣ በኦክታቭ ከፍ ብሎ እንጂ። ጎረቤቱ ከመነሻው በግማሽ እርምጃ ብቻ ዝቅ ያለ ከሆነ ሰባተኛው ትልቅ (11) ነው፤ በሙሉ እርምጃ ዝቅ ያለ ከሆነ ትንሽ (10) ነው።

በሲ ሜጀር ውስጥ ከበታቻቸው ግማሽ እርምጃ ያላቸው ኖታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፦ ሲ (ከበታቹ ቢ) እና ኤፍ (ከበታቹ ኢ)። ስለዚህ ትልቅ ሰባተኛ ያላቸው አንደኛውና አራተኛው ደረጃ ብቻ ናቸው፤ ስማቸውም ሜጀር ሴቨን ነው። ጂ ሜጀር ትራያድ ቢሆንም ከበታቹ ያለው ኤፍ በሙሉ እርምጃ ይርቃል፤ ስለዚህ ጂ-ቢ-ዲ-ኤፍ በሜጀር ትራያድ ላይ ትንሽ ሰባተኛ ይይዛል። ይህ ዶሚናንት ሴቨንዝ ይባላል፤ በሜጀር ስኬል ውስጥም አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውና ስድስተኛው ደረጃ ማይነር ሴቨን ይሆናሉ።

```
Cmaj7  Dm7  Em7  Fmaj7  G7  Am7  Bm7b5
```

ዶሚናንቱ ለብቻው መሆኑ በጆሮም ይታወቃል። በውስጡ ያሉት ቢ እና ኤፍ በ6 ግማሽ እርምጃ ይራራቃሉ፤ ቢ ወደ ሲ፣ ኤፍ ደግሞ ወደ ኢ በግማሽ እርምጃ ይሳባሉ። ከዚህ ኮርድ በኋላ ጆሮ ሲ ሜጀርን የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚታየው የአጻጻፍ ስህተት `C7` ጽፎ `Cmaj7` ማለት ነው። «ሰባት» ብቻ ከፊደሉ ቀጥሎ ሲጻፍ ትርጉሙ ዶሚናንት ነው፤ ስለዚህ `C7` ሲ-ኢ-ጂ-ቢ ፍላት ነው። ቢ ፍላት በሲ ሜጀር ውስጥ የለም። ወረቀቱን የሚያነበው ተጫዋች የተጻፈውን ሲጫወት ሙዚቃው ወደ ኤፍ መሳብ ይጀምራል፤ ስህተቱም በዚያ ይታወቃል።

የሰባተኛው ደረጃ ኮርድ ቢ-ዲ-ኤፍ-ኤ ደግሞ ሃፍ ዲሚኒሽድ ይባላል። ትራያዱ ዲሚኒሽድ ቢሆንም ሰባተኛው 10 ነው። ሙሉ ዲሚኒሽድ ሴቨንዝ እንዲባል ሰባተኛው 9 መሆን ነበረበት፤ ይህን ደግሞ ሜጀር ስኬል አይሰጥም።

ሌላ መነሻ፦ ዲ ሜጀር

የዲ ሜጀር ኖታዎች ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ ናቸው። ግማሽ እርምጃዎቹ ከኤፍ ሻርፕ እስከ ጂ እና ከሲ ሻርፕ እስከ ዲ ናቸው። የአንደኛው ደረጃ ኮርድ ዲ-ኤፍ ሻርፕ-ኤ-ሲ ሻርፕ ሜጀር ሴቨን ነው። በአምስተኛው ላይ ኤ-ሲ ሻርፕ-ኢ-ጂ ዶሚናንት፣ በሰባተኛው ላይ ሲ ሻርፕ-ኢ-ጂ-ቢ ሃፍ ዲሚኒሽድ ይወጣል።

ኤፍ ሻርፕን «ጂ ፍላት» ብሎ መጻፍ በኪቦርድ ላይ ለውጥ የለውም፤ የሚጫነው ቁልፍ ያው ነው። በአጻጻፍ ግን ዲ-ጂ ፍላት-ኤ ትራያድ አይመስልም፤ ከዲ እስከ ጂ በፊደል አራተኛ ነውና። በመነሻ ቅርጹ የተጻፈ ትራያድ ሁልጊዜ አንድ ፊደል እየዘለለ መሄድ አለበት። ፊደሎቹ ካልዘለሉ ስሙ ስህተት ነው።

ሃርሞኒክ ማይነር

ኤ ማይነር በነጮቹ ቁልፎች ብቻ ሲጫወት የሲ ሜጀርን ሰባት ኮርዶች ከሌላ መነሻ ይደግማቸዋል። ችግሩ አምስተኛው ደረጃ ኢ ማይነር ስለሚሆን ወደ ኤ የሚስብ ዶሚናንት አለመኖሩ ነው። ለዚህ ጂ ወደ ጂ ሻርፕ ከፍ ይደረጋል። በዚህ አንድ ለውጥ ኢ-ጂ ሻርፕ-ቢ-ዲ ዶሚናንት ይሆናል፤ ጂ ሻርፕ የገባባቸው ሌሎች ኮርዶችም ይለወጣሉ። ሲ-ኢ-ጂ ሻርፕ ኦግመንትድ ትራያድ ነው። ኤ-ሲ-ኢ-ጂ ሻርፕ ማይነር ትራያድ ላይ ትልቅ ሰባተኛ የተጫነበት ነው። ጂ ሻርፕ-ቢ-ዲ-ኤፍ ደግሞ ከላይ ያልተገኘው ሙሉ ዲሚኒሽድ ሴቨንዝ ነው፤ ኤፍ ከጂ ሻርፕ በታች በ3 ግማሽ እርምጃ ስለራቀ ሰባተኛው ወደ 9 ይወርዳል።

ቆጠራውን ለማጣራት የሚከተለው አጭር የፓይተን ኮድ በቂ ነው። ከእያንዳንዱ ደረጃ እስከ ሦስተኛው፣ እስከ አምስተኛውና እስከ ሰባተኛው ያለውን ርቀት ያትማል።

```
s = [0, 2, 4, 5, 7, 9, 11]
for i in range(7):
    print([(s[(i+k) % 7] - s[i]) % 12 for k in (2, 4, 6)])
```

በመጀመሪያው መስመር ሜጀሩ `[4, 7, 11]`፣ በአምስተኛው `[4, 7, 10]`፣ በመጨረሻው `[3, 6, 10]` ይወጣል። ለሃርሞኒክ ማይነር ዝርዝሩን በ`[0, 2, 3, 5, 7, 8, 11]` መተካት ነው። ኮዱ የማያየው ነገር አለ፦ ለእሱ ጂ ሻርፕና ኤ ፍላት ሁለቱም 8 ናቸው። ሙሉ ዲሚኒሽድ ሴቨንዝ ደግሞ በእኩል 3 ግማሽ እርምጃ የተከፈለ ስለሆነ ከአራቱ ኖታዎች የትኛውም ተነሥቶ ቢቆጠር ያው `[3, 6, 9]` ይመጣል። የዚህን ኮርድ መነሻ የሚያሳየው ፊደሉ ነው እንጂ ቁጥሩ አይደለም።

ባለአምስት ኖታ ቅኝት ላይ

አንድ እየዘለሉ መውሰድ ትራያድ የሚሰጠው ስኬሉ ሰባት ኖታ ሲኖረው ነው። ትዝታ ሜጀር ቅኝት ከሲ ሲጀመር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። በዚህ ላይ ደንቡ ሲሞከር ሲ-ኢ-ኤ፣ ዲ-ጂ-ሲ፣ ኢ-ኤ-ዲ፣ ጂ-ሲ-ኢ፣ ኤ-ዲ-ጂ ይወጣል። የመጀመሪያው የተገለበጠ ኤ ማይነር፣ አራተኛው የተገለበጠ ሲ ሜጀር ነው፤ ሦስቱ ግን በአራተኛ ርቀት የተደራረቡ ናቸውና ሜጀርም ማይነርም ሊባሉ አይችሉም። ከአምስቱ ኖታዎች ሳይወጡ የሚገኙት ሙሉ ትራያዶች ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ብቻ ናቸው።

ከሲ ሜጀር የጎደሉት ኤፍና ቢ ሲሆኑ ሁለቱም ግማሽ እርምጃዎች ከእነሱ ጋር ይጠፋሉ። እነዚሁ ሁለት ኖታዎች የዶሚናንቱን የመሳብ ጉልበት የሚሸከሙት ናቸው። በትዝታ ሜጀር ዜማ ሥር `G7` ሲገባ ከአራቱ የኮርዱ ኖታዎች ሁለቱ ለቅኝቱ እንግዳ ይሆናሉ።